«ቢታተም ጥሩ ነው» ሲባል የሚያትመው ማን ነው?

ስድስት ሰዎች የግማሽ ቀን ስልጠና አብረው ያዘጋጃሉ እንበል። ስልጠናው ቅዳሜ ጧት 3 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ሰኞ ጧት አስተባባሪው በጋራ መጻጻፊያቸው ላይ ይህን ይልካል፦

«ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜ ስልጠና እንዳለን ይታወቃል። የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር ተጣርቶ ጽሑፉ ቢታተም፣ ፕሮጀክተሩም ቢታይ ጥሩ ነው። ተባብረን በጊዜ እናድርሰው። አመሰግናለሁ።»

መልእክቱ ትሁት ነው፣ አጭር ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስቱም የአውራ ጣት ምልክት አድርገውበታል። አስተባባሪውም ነገሩ መስመር ያዘ ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ይዞራል።

ዓርብ ማታ ላይ ሲታይ ግን የስም ዝርዝሩን ሁለት ሰዎች ለየብቻቸው አጣርተውታል፤ አንዱ ጋ 38 ስም፣ ሌላው ጋ 43 ስም አለ። ጽሑፉ አልታተመም፤ ወደ ማተሚያ ቤት ለመሄድ ያሰበው ሰው ስንት ቅጂ እንደሚያስፈልግ እስኪነገረው ሲጠብቅ ሳምንቱ አልቋል። ፕሮጀክተሩን ያየው ሰው በቦታው መኖሩን አረጋግጧል፤ ገመዱ ቅዳሜ ከሚመጣው ላፕቶፕ ጋር ይገጥም እንደሆነ ግን አልሞከረም። አስተባባሪው «ሰኞ ነግሬያችሁ ነበር» ይላል። የቀሩት «ማን እንደሚያደርገው አልተነገረንም» ይላሉ። ሁለቱም ወገን እውነቱን ነው፤ ሰነፍም አልነበረም። ጉድለቱ ያለው ሰኞ ጧት የተጻፉት አምስት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው፤ እነሱን ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል።

መጀመሪያ ግሶቹን እንይ። አማርኛ በተፈጥሮው ባለቤቱን ግሱ ውስጥ ይዞ የሚሄድ ቋንቋ ነው። «ትልካለች» ካልን አንዲት ሴት፣ «እልካለሁ» ካልን ተናጋሪው ራሱ ግሱ ውስጥ አለ። ትሁት ለመሆን ስንፈልግ ግን የመጀመሪያው ሥራችን ባለቤቱን ከግሱ ማስወጣት ነው፦ «ቢታተም»፣ «ይዘጋጅ»፣ «እንዲታይ»፣ «ቢደረግ መልካም ነው»። በእነዚህ ግሶች ጽሑፉ ይታተማል፤ አታሚው ግን የለም። «ቢ» የሚለው መነሻ ደግሞ ጉዳዩን ከጥያቄ ወደ ምኞት ያወርደዋል። ቢታተም ጥሩ ነው፤ ባይታተምስ? መልእክቱ በዚህ ላይ ምንም አይልም።

ከዚህ የባሰው በጽሑፍ ላይ ብቻ የሚመጣው ችግር ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ዝርዝሩ ይላክ» ሲባል ግራ የሚያጋባ ነገር የለውም፤ «ዝርዝሩን» ብለን ስናበቃ ግን «ይላክ» የሚለው ቃል «ላ» ላልቶ «እሱ ይላክ» ማለት ሊሆን ነው። «ይላኩ» ደግሞ ሦስት ንባብ አለው። «እርስዎ ይላኩ» ሊሆን ይችላል፤ «እነሱ ይላኩ» ሊሆን ይችላል፤ «ላ» ከጠበቀ ደግሞ «ወረቀቶቹ ይላኩ» እንደምንለው ነው። በአካል ስንነጋገር ድምፃችንና ዓይናችን ይለዩታል። የጋራ መልእክት ላይ ግን አንባቢው የሚቀናውን ንባብ ይወስዳል፤ ለብዙ ሰው የሚቀናው ደግሞ «እነሱ» የሚለው ነው።

«ተባብረን እናድርሰው» የሚለው «እኛ»ም እንዲሁ ነው። በጎ ቃል ነው፤ ለምስጋናና ለማበረታቻ እወደዋለሁ። ሥራ ሲሰጥበት ግን አምስቱ አንባቢዎች እያንዳንዳቸው «እኛ» ውስጥ አምስት ሌሎች ሰዎችን ያያሉ።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኒው ዮርክ ውስጥ ተማሪዎችን ለየብቻ በክፍል አስቀምጠው በድምፅ ማገናኛ እንዲወያዩ አደረጉ። በውይይቱ መሀል አንደኛው ተወያይ በድንገት የታመመ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ድምፁን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካሰቡት ውስጥ 85 በመቶው ድምፁ ሳይቋረጥ እርዳታ ለመጥራት ወጡ። ሌላ አንድ ሰው እየሰማ ነው ብለው ካሰቡት 62 በመቶው፣ ሌሎች አራት ሰዎች እየሰሙ ነው ብለው ካሰቡት ደግሞ 31 በመቶው ብቻ ወጡ። ያልወጡት ግድ የሌላቸው አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ሲጨነቁ ታይተዋል። የተለወጠው ኃላፊነቱ ለስንት ሰው እንደተከፋፈለ ያላቸው ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሌላ ጥናት ይህንኑ በኢሜይል ሞክሮታል፤ አንድ ጥያቄ ለአንድ ሰው ብቻ ሲላክ፣ ከሌሎች አራት አድራሻዎች ጋር ከተላከው ይልቅ ብዙ መልስ፣ ረዘም ያለና የሚጠቅም መልስ አስገኝቷል።

የመጀመሪያ እርዳታ የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ «አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ» ብሎ መጮህን አያስተምሩም። በጣት አመልክቶ «አንተ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበስከው፣ አሁን ደውል፤ ደውለህም ተመልሰህ ንገረኝ» ማለትን ያስተምራሉ። እዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ ሲያልቅስ እንዴት ይታወቃል የሚሉት አራቱም አሉ። የጋራ መልእክትም ከዚህ የተለየ ነገር አያስፈልገውም።

እንግዲህ ወደ ስልጠናው እንመለስና መልእክቱን እንደገና እንጻፈው። ከመጻፍ በፊት ግን ወረቀት ላይ የሚሠራ ሥራ አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

የሰኞው መልእክት ሦስት ሥራ የያዘ ይመስላል፦ ዝርዝር፣ ኅትመት፣ ፕሮጀክተር። ሲቆጠር አምስት ነው። ዝርዝሩ መዘጋት አለበት። ጽሑፉ ለመጨረሻ ጊዜ ታርሞ ለኅትመት መዘጋጀት አለበት። መታተም አለበት። ፕሮጀክተሩ መሞከር አለበት። አዳራሹ ደግሞ ቅዳሜ ጧት መከፈት አለበት፤ ይሄኛው ሁሉም «ይከፈታል» ብሎ የገመተው ስለሆነ መልእክቱ ውስጥ ጭራሽ አልተጻፈም። እንዲህ ዓይነቱን የተዘለለ ሥራ ለማግኘት የምመክረው ቅዳሜ ጧት በር ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ማሰብን ነው። በሩን ማን ከፈተው? ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ከየት መጣ? ወረቀቱን ያተመው ሰው ቁጥሩን ከማን አገኘ? እያንዳንዱ መልስ አንድ ሥራ ያወጣል።

ቀነ ገደቡም የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ማተሚያ ቤቱ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይፈልጋል እንበል። ወረቀቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ እጃችን እንዲገባ ከፈለግን ፋይሉ ሐሙስ ጧት 4 ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት። ሐሙስ ጧት የሚሄደው ሰው ረቡዕ ማታ ሁለት ነገር በእጁ ሊኖረው ይገባል፤ የታረመው ጽሑፍና የቅጂው ብዛት። ስለዚህ ሁለቱም ረቡዕ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ይደርሱታል፤ አንዱ ቢዘገይ እንኳ እስከ ማታ ድረስ ጥቂት ሰዓት መጠባበቂያ አለ። ጽሑፉን የሚያርመው ሰው የሌላ ሰው አስተያየት ካስፈለገው፣ አስተያየቱ ማክሰኞ ማታ መድረስ አለበት። ሰኞ ጧት አምስት ቀን ያለን መስሎን ነበር፤ ለዝርዝሩና ለጽሑፉ ያለን ጊዜ ግን ሁለት ቀን ተኩል ገደማ ነው። «በጊዜ እናድርሰው» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ደብቆት ነበር።

አሁን ስም እናስገባ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለኝ፤ አልለቀውም፦ ለአንድ ሥራ አንድ ስም ብቻ። «ሄለንና ብሩክ ዝርዝሩን ያጣሩ» ከተባለ ሄለን ብሩክን፣ ብሩክ ሄለንን ይጠብቃል፤ ወይም ሁለቱም ይሠሩትና 38 እና 43 ይመጣል። ሥራው በእርግጥ የሁለት ሰው ጉልበት የሚጠይቅ ከሆነ ባለቤቱ አንድ ይሁን፤ ሌላው «ሄለን የምትሰጠውን ግማሽ ዝርዝር ብሩክ ይደውላል» በሚል ከሥሯ ይጻፍ። ያልደረሰ እንደሆነ የምንጠይቀው አንድ ሰው መኖር አለበት። «የኅትመት ክፍሉ»፣ «ቴክኒክ የሚችሉ ልጆች»፣ «ቅርብ ያላችሁ» የሚሉትም ስም አይደሉም። ቅርብ ነኝ ብሎ ራሱን የሚቆጥር ሰው ላይገኝ ይችላል።

ፈቃደኛ መጠየቅስ? ይቻላል፤ ግን ጥያቄው የሚዘጋበት ሰዓትና ሰው ካልተገኘ የሚሆነው ነገር አብረው ይጻፉ። «ፕሮጀክተሩን የሚሞክር አንድ ሰው እፈልጋለሁ። እስከ ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ድረስ "እኔ" የሚል ካልተገኘ ሳራን ደውዬ እጠይቃታለሁ።» እንዲህ የተጻፈ ጥያቄ እስከ ሐሙስ ተንጠልጥሎ አይቆይም።

ከስሙ ቀጥሎ የሥራው መጨረሻ ይመጣል። «ማየት»፣ «መከታተል»፣ «ማመቻቸት»፣ «ማስተባበር» የሚባሉ ግሶች መጨረሻ የላቸውም፤ ሰውየው መሥራቱንም አለመሥራቱንም ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ፕሮጀክተሩን መደርደሪያው ላይ ያየው ሰው የተባለውን አድርጓል። የምንፈልገው ሌላ ከነበረ ሌላ መጻፍ ነበረብን፦ «ቅዳሜ የምንጠቀምበትን ላፕቶፕ ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝታ፣ የስልጠናውን የመጀመሪያ ገጽ ግድግዳው ላይ አሳይታ፣ ፎቶውን እዚህ ትለጥፋለች።» ፎቶው የቁጥጥር አይደለም። ፎቶ ለማንሳት ምስሉ ግድግዳው ላይ መውጣት አለበት፤ ምስሉ እንዲወጣ ደግሞ ገመዱ መግጠም አለበት። የሚታይ ውጤት ስንጠይቅ በመሀል ያሉት ጥቃቅን ነገሮች ሳይዘረዘሩ አብረው ይሠራሉ። ለዝርዝሩ የሚታየው ውጤት አንድ ፋይልና አንድ ቁጥር ነው፤ ለኅትመቱ የወረቀቱ ጥቅል ያለበት ቦታ ነው፤ ለአዳራሹ በሩ የተከፈተበት ሰዓት ነው።

ሰዓቱ ላይም ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ነው። «እስከ ረቡዕ» ማለት ረቡዕን ይጨምራል? ላኪው ረቡዕ ጧት ሲነሳ ፋይሉን እጠብቃለሁ ብሎ ያስባል፤ ተቀባዩ ረቡዕ እኩለ ሌሊት ላይ ቢልክ በጊዜው እንደላከ ያምናል። በመካከላቸው አንድ ሙሉ ቀን አለ። «በዚህ ሳምንት»፣ «ከነገ ወዲያ ገደማ»፣ «ቶሎ»፣ «በተቻለ ፍጥነት» ደግሞ ከዚህም የሰፉ ናቸው። ቀኑ፣ የቀኑ ክፍልና ሰዓቱ ይጻፍ፦ «ረቡዕ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት»። በአማርኛ ስንጽፍ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። «9 ሰዓት» ብለን የምናወራውና ብዙ ስልክ ላይ 9:00 ብሎ የሚታየው ስድስት ሰዓት ይለያያሉ። «ከሰዓት በኋላ» የሚለው ቃል ይህን ይፈታዋል፤ ቡድኑ ውስጥ ሌላ አገር የሚኖር ሰው ካለ ግን የማን አገር ሰዓት እንደሆነም ይጨመር።

ሰዓቱ አጠገብ ምክንያቱን በአምስት ስድስት ቃል ማስቀመጥም ዋጋ አለው። «ረቡዕ 9 ሰዓት፤ ብሩክ ሐሙስ ጧት ማተሚያ ቤት ስለሚሄድ።» ምክንያት የሌለው ቀነ ገደብ ላኪው ለራሱ ምቾት ያስቀመጠው ይመስላል፤ ሰውም በሆዱ አንድ ቀን ይጨምርበታል። ምክንያቱን ያየ ሰው ግን ቢዘገይ የሚቆመው የብሩክ እግር መሆኑን ያውቃል፤ መዘግየቱ ካልቀረም ለአስተባባሪው ሳይሆን በቀጥታ ለብሩክ ይደውላል። ያንኑ ነው የምንፈልገው። በሌላ በኩል የውሸት ቀነ ገደብ አይደረግ። ዓርብ የሚያስፈልገውን «ማክሰኞ» ብሎ የሚጽፍ አስተባባሪ የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ይሳካለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጠውን ሰዓት ሁሉ ሰው እየቀነሰ ያነበዋል። መጠባበቂያ ጊዜ ካስፈለገ በግልጽ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ሲገባበት መልእክቱ እንዲህ ይሆናል። ስሞቹ ለማሳያ ያህል የገቡ ናቸው።

«የቅዳሜ ስልጠና፦ አምስት ሥራ፣ አምስት ሰው። እባካችሁ የየራሳችሁን አንብቡና ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ሳይሆን መልስ ስጡኝ።

ሄለን፦ ለተመዘገቡት 43 ሰዎች ደውላ የሚመጡትን ትለያለች። የመጨረሻውን ዝርዝርና ቁጥሩን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ለብሩክ ትልካለች። ከዚያ በኋላ ስም አንጨምርም።

ዳዊት፦ ጽሑፉን አርሞ በፒዲኤፍ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ለብሩክ ይልካል። የእኔን አስተያየት ማክሰኞ ማታ 2 ሰዓት ላይ ያገኛል።

ብሩክ፦ ፋይሉን ሐሙስ ጧት 4 ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤት ያደርሳል። የሚታተመው የሄለን ቁጥር ሲደመር 5 ቅጂ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ተረክቦ አዳራሹ ቢሮ ውስጥ ያስቀምጣል።

ሳራ፦ የዳዊትን ላፕቶፕ ከፕሮጀክተሩ ጋር አዳራሹ ውስጥ ትሞክራለች፤ ግድግዳው ላይ የሚታየውን ምስል ፎቶ አንስታ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ሳይሞላ እዚህ ትለጥፋለች። ገመድ መግዛት ካስፈለገ ዓርብ ይቀረናል።

ወይዘሮ አልማዝ፦ አዳራሹን ቅዳሜ ጧት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይከፍቱልናል፤ በስልክ ተነጋግረናል።

የማይመቻችሁ ካለ ዛሬ ንገሩኝ፤ እቀይራለሁ። ከዛሬ በኋላ እንቅፋት የገጠመው ግን ሥራውን ለሚጠብቀው ሰውና ለእኔ ይደውል።»

ከመጀመሪያው በጣም ይረዝማል። «ሰው ረጅም መልእክት አያነብም» የሚለውን ተቃውሞ ሰምቼዋለሁ፤ ግን እያንዳንዱ ሰው በጥንቃቄ የሚያነበው የራሱን ሁለት ሦስት መስመር ነው። ስሙ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ስላለ ዓይኑ ፈልጎ አያጣውም። አጭሩ መልእክት ግን በአሥር «ማን ነው የሚያደርገው?»፣ «ስንት ቅጂ?»፣ «የትኛው ላፕቶፕ?» የሚሉ ጥያቄዎች ይከተላል፤ መልሱም እዚያው ከሰላምታና ከቀልድ ጋር ይበተናል።

ሁለት ነገር ልብ ይባል። ግሶቹ «ትልካለች»፣ «ያደርሳል» ናቸው፤ ትእዛዝ አይመስሉም፣ ግን ባለቤት አላቸው። ትህትናው መጨረሻ ላይ ባለችው «የማይመቻችሁ ካለ ዛሬ ንገሩኝ» ውስጥ ነው። ለሰው እምቢ የሚልበት በር መስጠት ከ«ቢደረግ» የበለጠ አክብሮት ነው፤ «ቢደረግ» ሰውየው መጠየቁን እንኳ አያሳውቀውምና። ሁለተኛው የወይዘሮ አልማዝ መስመር ነው። በዕድሜ ወይም በኃላፊነት የሚበልጥን ሰው ድንገት በብዙ ሰው ፊት ሥራ መስጠት ይከብዳል፤ አስተባባሪዎች ወደ «ይከፈት ዘንድ» የሚሸሹትም በዚህ ጊዜ ነው። መፍትሔው ቀድሞ ለብቻ መደወል ነው። «እሜቴ፣ ቅዳሜ በ1 ሰዓት ተኩል አዳራሹን ሊከፍቱልን ይችሉ ይሆን?» ተብሎ እሺታቸው ከተገኘ በኋላ፣ የጋራው መልእክት የተስማሙበትን ብቻ ይመዘግባል። ስማቸውም ሰዓቱም ግን እንደሌላው ሰው በግልጽ ይጻፋል።

መልእክቱ ከተላከ በኋላ ያለው ሥራ መቀበልን ማረጋገጥ ነው። የአውራ ጣት ምልክት ይህን አያደርግም። «አየሁት»፣ «ጥሩ ሐሳብ ነው»፣ «እሠራዋለሁ»፣ «ሌሎች አድርገዋልና እኔም» የሚሉት ሁሉ በአንድ ዓይነት ጣት ይገለጣሉ። አውሮፕላን አብራሪዎች ከመቆጣጠሪያ ማማ የተሰጣቸውን ፈቃድ ቃሉን ደግመው ይመልሳሉ፤ ማማው የሰማው ከተናገረው ጋር ካልገጠመ እዚያው ያርማል። ከሄለን የምንፈልገውም ይህንኑ ነው፦ «ደውዬ ዝርዝሩንና ቁጥሩን ረቡዕ 9 ሰዓት ለብሩክ እልካለሁ።» አሥር ሰከንድ የምትፈጅ መልስ ናት። «እሺ፣ ዝርዝሩን ረቡዕ ለአንተ እልካለሁ» ብላ ብትመልስ ኖሮ ግን ሁለት ስሕተት ሰኞ ላይ ይገኝ ነበር፤ ሰዓቱ ጠፍቷል፣ ተቀባዩም ብሩክ አይደለም። ይህ ስሕተት ረቡዕ ማታ ቢገኝ ሐሙስን ይበላል።

ማታ 1 ሰዓት ላይ አራቱ መልሰው ሳራ ካልመለሰች፣ «ያልመለሳችሁ እባካችሁ መልሱ» ብሎ በጋራ መጻፍ እንደገና ወደ መጀመሪያው ጉድጓድ መግባት ነው። ለሳራ ለብቻዋ ይደወል። ዝምታ እሺታ አይደለም፤ ስልኳ ጠፍቶ፣ ታማ ወይም መንገድ ላይ ሆና ይሆናል።

በመሀል ነገር ሲቀየር ደግሞ የድሮውን መልእክት በጸጥታ ማረም አይበቃም፤ ሰኞ ያነበበው ሰው ተመልሶ አያየውም። አዲስ መልእክት ይጻፍ፤ የድሮውን፣ አዲሱንና የሚነካውን ሰው አብሮ ይያዝ፦ «ማተሚያ ቤቱ የሚከፍተው ሐሙስ 6 ሰዓት ነው። ብሩክ፦ ከ4 ሰዓት ወደ 6 ሰዓት ተዛውሯል። የሌሎቻችሁ ሰዓት አልተነካም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች። እሷ ካልተጻፈች ዳዊት «ሁሉም ሁለት ሰዓት ተራዝሟል» ብሎ ረቡዕ 11 ሰዓት ላይ ይልካል።

ማስታወሻ የሚላከውም ከቀነ ገደቡ በፊት እንጂ ካለፈ በኋላ አይደለም። ለረቡዕ 9 ሰዓት ሥራ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ «ሄለን፣ እስካሁን ለስንት ሰው ደወልሽ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «እንዴት እየሄደ ነው?» ከተባለ መልሱ «ጥሩ ነው» ይሆናል፤ «ስንት?» ሲባል ግን «ከ43ቱ 12» የሚል መልስ ይመጣል። በአንድ ቀን 31 ሰው እንደማይደወል ያኔ ግልጽ ስለሚሆን፣ የዝርዝሩ ግማሽ ማክሰኞውኑ ለሌላ ሰው ይተላለፋል፤ ባለቤቷ ግን ሄለን እንደሆነች ትቀጥላለች።

ይህ አሠራር የማይገጥምበት አንድ ጉዳይ አለ፤ ሁሉም ሰው ያንኑ ሥራ ለየራሱ ሲሠራ። አሥራ አምስት ሰው አንድ ቅጽ መሙላት ካለበት አሥራ አምስት መስመር መጻፍ አያስፈልግም። ግን «ሁላችሁም ሙሉ» ብቻውን አይበቃም። «እያንዳንዳችሁ» የሚለው ቃል ይሻላል፤ ከሱም ጋር የስም ዝርዝሩን አብሮ መለጠፍና የሞላው ሰው በስሙ አጠገብ ምልክት እንዲያደርግ መጠየቅ ያግዛል። ዘጠኝ ሰው ምልክት ካደረገ በኋላ የቀሩት ስድስት ስሞች ባዶ ሆነው ይታያሉ፤ ማንም ሳይናገር እያንዳንዱ የራሱን ባዶ ቦታ ያያል። በቀነ ገደቡ ዋዜማ ያልሞሉትን ለየብቻ መጻፍ ነው። እዚህ ላይ ስማቸውን በጋራው ላይ ደርድሮ «እነዚህ አልሞሉም» ማለት ፈጣን ይመስላል፤ ግን ከስድስቱ ውስጥ አንዱ ሞልቶ ምልክቱን የረሳ ከሆነ ሰውን በሐሰት በአደባባይ ወቅሰናል፤ ቀጣዩ ጥያቄያችንን በጎ ልብ ይዞ አያነበውም። ለየብቻ ሲጠየቅ ግን «ሞልቻለሁ፣ ምልክቱን ረስቼ ነው» ይላል፤ ምልክቱን ያደርጋል፤ አምስት ሰው ይቀራል።